አቻ ነጥብ፣ ሦስት ቡድን፣ አንድ ቦታ

መስከረም 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ኔልስፕሩይት ከተማ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ከሴራሊዮን ጋር ያለ ግብ አቻ ተለያየች። ጨዋታው የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ዙር ነበር። በዚያው ሰዓት ግብፅ ውስጥ ኒጀር 3 ለ 0 ተሸንፋለች። የባፋና ባፋና ተጫዋቾች ይህንን እንደሰሙ ሜዳው ላይ ጨፈሩ። ሦስቱም ቡድኖች እኩል 9 ነጥብ ይዘዋል፤ ደቡብ አፍሪካ ግን 2 ንጹህ ግብ አላት፣ ሴራሊዮን ምንም የላት፣ ኒጀር ደግሞ የ2 ግብ ዕዳ አለባት። በዚህ ሰንጠረዥ አንደኛዋ ማን እንደሆነች ለማንም ግልጽ ይመስላል።

ያለፈችው ግን ኒጀር ናት። የውድድሩ ደንብ ቡድኖች ነጥባቸው እኩል ሲሆን የግብ ክፍያን አያስቀድምም፤ መጀመሪያ የሚያየው እርስ በርስ ያደረጓቸውን ጨዋታዎች ነው። ደቡብ አፍሪካውያኑ ያነበቡት ሰንጠረዥ ቁጥሩ አንድም ስህተት አልነበረበትም። የተሳሳተው መደርደሪያው ነው።

የደረጃ ሰንጠረዥ ሁለት ሥራዎችን ይሠራል። አንደኛው መቁጠር ነው፦ ማን ስንት ተጫወተ፣ ስንት አሸነፈ፣ ስንት አስቆጠረ፣ ስንት ተቆጠረበት። ሁለተኛው መደርደር ነው፦ ከተቆጠረው ውስጥ የቱ ይቀድማል? መቁጠሩ በሁሉም ውድድር አንድ ዓይነት ነው። መደርደሩ ግን ውድድሩን የሚያዘጋጀው አካል የሚወስነው ጉዳይ ነው፤ ተመሳሳይ ውጤቶች በአንዱ ደንብ አንዱን፣ በሌላው ደንብ ሌላውን አንደኛ ያደርጋሉ። ይህንን በደንብ ለማየት ብዙዎቻችን በቅርብ የምናስታውሰውን አንድ ምድብ ከባዶ ወረቀት ተነስተን እንሥራው።

ለ2014ቱ የብራዚል የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋና እና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ተመደበች። አራት ቡድኖች በደርሶ መልስ ሲገናኙ 12 ጨዋታ ይሆናል፣ ለእያንዳንዱ ቡድን 6። ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ሰንጠረዡን አይደለም፤ እነዚህን 12 ጨዋታዎች ነው፣ እያንዳንዱን በአንድ መስመር፦ ባለ ሜዳው፣ የባለ ሜዳው ግብ፣ የእንግዳው ግብ፣ እንግዳው። ከዚህ ዝርዝር ውጭ በእጅ የሚጻፍ ቁጥር መኖር የለበትም። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ ገብቶ ነጥቡ ላይ 3 የሚደምር፣ ግቡን በእርሳስ የሚያስተካክል አዘጋጅ ለጥቂት ሳምንታት ይሳካለታል። አንድ ውጤት የተሻረ ዕለት ግን ከየት ምን እንደሚቀንስ ይጠፋዋል።

በዚህ ምድብ ደግሞ ውጤት ተሽሯል። የዋልያዎቹን ጨዋታዎች በቅደም ተከተል እንመልከት። ደቡብ አፍሪካ ላይ 1 ለ 1 ተለያዩ፤ አዲስ አበባ ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 0፣ ቦትስዋናን 1 ለ 0 አሸነፉ። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ረቱ። ከሳምንት በኋላ፣ ሰኔ 9፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፉ። አምስት ጨዋታ፣ አራት ድል፣ አንድ አቻ፦ 13 ነጥብ። 8 ግብ አስቆጥረው 3 ተቆጥሮባቸዋል፣ ማለትም 5 ንጹህ ግብ። ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ ላይ ነበረች፤ የቀራትን አንድ ጨዋታ ብታሸንፍ እንኳ ከ11 አታልፍም። ስለዚህ በዚያ ምሽት አዲስ አበባ የተጨፈረው ጭፈራ በሰንጠረዡም በደንቡም ትክክል ነበር።

ሆኖም በዚያው ዕለት ፊፋ ምርመራ መክፈቱ ተሰማ። ቦትስዋና ላይ በተደረገው ጨዋታ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ ያልነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ውሳኔው የቦትስዋናው ጨዋታ በፎርፌ 3 ለ 0 ለቦትስዋና እንዲመዘገብ አደረገ። ብዙ ሰው ይህንን የሚያስታውሰው በ3 ነጥብ ቅጣት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከጨዋታዎቹ ዝርዝር ውስጥ አንዱን መስመር ከ1 ለ 2 ወደ 3 ለ 0 ስንለውጠው የሚሆነውን እንይ። የኢትዮጵያ ድል ከአራት ወደ ሦስት ይወርዳል፣ አንድ ሽንፈት ይመዘገባል፣ ነጥቡ ከ13 ወደ 10 ይመጣል። ያስቆጠረችው ከ8 ወደ 6 ይቀንሳል፣ የተቆጠረባት ከ3 ወደ 5 ይጨምራል፤ 5 የነበረው ንጹህ ግብ 1 ብቻ ይቀራል። ቦትስዋና በበኩሏ ከ4 ነጥብ ወደ 7 ትዘልላለች። አንድ መስመር ተነካ፣ የሁለት ቡድኖች ረድፍ በሙሉ ተለወጠ። ሰንጠረዡ የሚሠራው ከዝርዝሩ ከሆነ ይህ ሁሉ በራሱ ይስተካከላል። ነጥቡን ብቻ በእጁ የቀነሰ ሰው ግን አራቱን የግብ ክፍያ ረስቶታል፤ ያ ረስቶት ያለፈው ቁጥር ደግሞ የመጨረሻው ዙር ላይ አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ።

ከመጨረሻው ዙር በፊት ኢትዮጵያ በ10 ነጥብና በ1 ንጹህ ግብ፣ ደቡብ አፍሪካ በ8 ነጥብና በ4 ንጹህ ግብ፣ ቦትስዋና በ7 ነጥብ ተቀመጡ። ጳጉሜን 2 ቀን ሁለቱ ጨዋታዎች ተካሄዱ። ደቡብ አፍሪካ ቦትስዋናን 4 ለ 1 አሸነፈች። ኢትዮጵያ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 ረታች። የመጨረሻው ሰንጠረዥ ይህ ነው፦

| ቡድን | ድል | አቻ | ሽንፈት | ያስቆጠረ | የተቆጠረበት | ክፍያ | ነጥብ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ኢትዮጵያ | 4 | 1 | 1 | 8 | 6 | +2 | 13 |
| ደቡብ አፍሪካ | 3 | 2 | 1 | 12 | 5 | +7 | 11 |
| ቦትስዋና | 2 | 1 | 3 | 8 | 10 | −2 | 7 |
| መካከለኛው አፍሪካ | 1 | 0 | 5 | 5 | 12 | −7 | 3 |

ነጥቦቹ ስለተለያዩ ማንም ስለ መደርደሪያ ደንብ አልተከራከረም። ነገር ግን ዋልያዎቹ ብራዛቪል ላይ 1 ለ 1 ቢወጡ ኖሮ ሁለቱም 11 ነጥብ ይዘው ይጨርሱ ነበር። የዓለም ዋንጫው ማጣሪያ ደንብ ከነጥብ ቀጥሎ የሚያየው በምድቡ ጨዋታዎች ሁሉ ያለውን የግብ ክፍያ ነው። ደቡብ አፍሪካ 7፣ ኢትዮጵያ 1፤ ወደ ቀጣዩ ዙር የምታልፈው ደቡብ አፍሪካ ናት። ያው ውጤት በአፍሪካ ዋንጫ ደንብ ቢታይ ግን ኢትዮጵያ ታልፋለች፤ ሁለቱ እርስ በርስ ሲገናኙ ዋልያዎቹ አንድ አቻና አንድ ድል፣ 4 ነጥብ ነበራቸው፣ ባፋና ደግሞ 1። አንድ አህጉር፣ ሁለት ውድድር፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ።

የትኛው ይሻላል? ሁለቱም የሚመዝኑት የተለያየ ነገር ነው። የደቡብ አፍሪካ 7 ንጹህ ግብ ከየት እንደመጣ ብንከፍለው 5ቱ መካከለኛው አፍሪካን በሁለት ጨዋታ ካሸነፈችበት፣ 3ቱ ቦትስዋናን ካሸነፈችበት የተገኙ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ጋር ግን አንድ ግብ ከስራለች። በእኔ እምነት ስድስት ጨዋታ ብቻ ባለበት ምድብ፣ አንድ ደካማ ቡድን ላይ የተገኘ ትልቅ ድል ሁለቱን ተፎካካሪዎች መለየት የለበትም፤ እርስ በርስ የተጫወቱት ጨዋታ ስለሁለቱ የበለጠ ይናገራል። 16 ቡድን 30 ጨዋታ በሚያደርግበት ሊግ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። እዚያ የግብ ክፍያ የዓመት ሙሉ ሥራ ድምር ነው፤ ከ30 ጨዋታ ሁለቱን ብቻ መዝዞ ዋንጫ መስጠት ይከብዳል። ይሁንና ትልልቅ ሊጎች እንኳ አልተስማሙበትም። እንግሊዝ የግብ ክፍያን ታስቀድማለች፤ ስፔን እርስ በርስ የተደረገውን ጨዋታ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና እኩል 76 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ባርሴሎና 45 ንጹህ ግብ ነበራት፣ ሪያል 26። ዋንጫው የሪያል ሆነ፤ ምክንያቱም በሜዳው 2 ለ 0 አሸንፎ ባርሴሎና ላይ 3 ለ 3 ወጥቶ ነበር።

የግብ ክፍያ ራሱ ሁልጊዜ በመቀነስ አልተሰላም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 1976 ድረስ ያስቆጠሩት ግብ ለተቆጠረባቸው ይካፈል ነበር። በ1924 ሀደርስፊልድና ካርዲፍ እኩል 57 ነጥብ ላይ ጨረሱ። ሀደርስፊልድ 60 አስቆጥሮ 33 ተቆጥሮበታል፣ ካርዲፍ 61 አስቆጥሮ 34። ሲቀነስ ሁለቱም 27 ነው፤ በዛሬው ደንብ ብዙ ያስቆጠረው ካርዲፍ ሻምፒዮን ይሆን ነበር። ሲካፈል ግን ሀደርስፊልድ 1.818፣ ካርዲፍ 1.794 ሆነ። ዋንጫው ወደ ሀደርስፊልድ ሄደ፤ ካርዲፍ ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝን ሊግ አንስቶ አያውቅም። ማካፈል ግብ ያልተቆጠረበትን ቡድን ከልክ በላይ ይሸልማል፤ አንድም ግብ ካልተቆጠረበት ደግሞ ለዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ስሌቱ ይቆማል። መቀነስ ይህ ችግር የለበትም፣ ለተመልካችም በቃል ይሰላል።

አሁን ወደ ኒጀር፣ ደቡብ አፍሪካና ሴራሊዮን እንመለስ፤ የዚህ ሥራ አስቸጋሪው ክፍል ያለው እዚያ ነውና። ሁለት ቡድኖች እኩል ሲሆኑ የእርስ በርስ ውጤታቸውን ማየት ቀላል ነው። ሦስት ሲሆኑስ? አንዱ ሁለተኛውን አሸንፎ፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው ደግሞ አንደኛውን ሊያሸንፍ ይችላል፤ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ማወዳደር መጨረሻ የለውም። መፍትሔው ሦስቱ ብቻ የተጫወቱባትን ትንሽ ሊግ መሥራት ነው። ከምድቡ 12 ጨዋታዎች ውስጥ ግብፅ ያለችባቸውን ስድስቱን አውጥተን ስንጥል ስድስት ይቀራሉ፦ ደቡብ አፍሪካ ኒጀርን 2 ለ 0፣ ኒጀር ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1፣ ኒጀር ሴራሊዮንን 3 ለ 1፣ ሴራሊዮን ኒጀርን 1 ለ 0፣ ደቡብ አፍሪካና ሴራሊዮን ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ 0 ለ 0። እነዚህን ብቻ እንደ አዲስ ብንቆጥር የሚከተለው ይወጣል፦

| ቡድን | ድል | አቻ | ሽንፈት | ያስቆጠረ | የተቆጠረበት | ነጥብ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ኒጀር | 2 | 0 | 2 | 5 | 5 | 6 |
| ደቡብ አፍሪካ | 1 | 2 | 1 | 3 | 2 | 5 |
| ሴራሊዮን | 1 | 2 | 1 | 2 | 3 | 5 |

ኒጀር በአንድ ነጥብ ትበልጣለች። ግብፅ ላይ ያስተናገደችው የ3 ለ 0 ሽንፈት እዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ የለም፤ 10 ለ 0 ብትሸነፍም ምንም አይለወጥም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። እኩል የሆኑት ደቡብ አፍሪካና ኒጀር ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ያለፈችው ደቡብ አፍሪካ ነበረች፤ እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ ተሸናንፈው በግብ 3 ለ 2 ትበልጣለችና። የደረጃውን መልስ የገለበጠችው ሴራሊዮን ናት። እሷን ወደ 9 ነጥብ ያመጣት ደግሞ ያ የመጨረሻ ቀን አቻ ነው፤ ከጨዋታው በፊት 8 ነጥብ ነበራት። ደቡብ አፍሪካ አቻ መውጣቷ ራሱ ሦስተኛ ቡድን ወደ ውድድሩ አስገባባት። አንድ ግብ አግብታ ብታሸንፍ 11 ነጥብ ይዛ ያለ ምንም ሌላ ስሌት ታልፍ ነበር። ይህንን ከጨዋታው በፊት በወረቀት መሥራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለዚህም ነው የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ ለእያንዳንዱ ሊሆን ለሚችል ውጤት ሰንጠረዡን አስቀድሞ ሠርቶ ማየት የአሰልጣኝ ቡድን ሥራ የሆነው።

ነጥብ አሰጣጡም ቢሆን ሰው የወሰነው ነው። ለድል 3 ነጥብ መስጠት የጀመረችው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን የዓለም ዋንጫ የተቀበለው በ1994 ነው። በቀድሞው የ2 ነጥብ አሠራር ይህ ምድብ ቢቆጠር ደቡብ አፍሪካና ሴራሊዮን 7፣ ኒጀር ግን ሦስት አሸንፋ ሦስት የተሸነፈች ስለሆነች 6 ይኖራት ነበር። የእኩልነቱ ጥያቄ ራሱ እሷን አይነካትም።

ከትንሿ ሊግ ጋር የሚመጣ አንድ የደንብ ክፍተት አለ፤ አዘጋጆች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ከሦስቱ አንዱ ተለይቶ ወጣ እንበል፣ ሁለቱ ግን አሁንም እኩል ናቸው፤ ልክ እዚህ ደቡብ አፍሪካና ሴራሊዮን 5 ለ 5 እንደሆኑት። ከዚህ በኋላ በሦስቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ወደ ግብ ክፍያ እንቀጥላለን ወይስ ሦስተኛውን አስወጥተን የሁለቱን ብቻ ከመጀመሪያው እንጀምራለን? በዚህ ምድብ በሁለቱም መንገድ ደቡብ አፍሪካ ሁለተኛ ትሆናለች። በሌላ ምድብ ግን መልሱ ሊለያይ ስለሚችል ደንቡ ከሁለቱ አንዱን በግልጽ መጻፍ አለበት።

ይህንን ሁሉ የሰፈር ወይም የመሥሪያ ቤት ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው በስልኩ ጎግል ሺትስ ላይ ሊሠራው ይችላል። በአንድ ገጽ ላይ ጨዋታዎቹን ይጽፋል፣ ገጹን `Matches` ብሎ ይሰይመዋል፤ ዓምድ `A` ባለ ሜዳው፣ `B` እና `C` ግቦቹ፣ `D` እንግዳው። በሌላው ገጽ ዓምድ `A` ላይ የቡድኖቹን ስም ይደረድራል፤ ቀጥሎ የተጫወቱት፣ ድል፣ አቻ፣ ሽንፈት፣ ያስቆጠሩት፣ የተቆጠረባቸው፣ ክፍያና ነጥብ እስከ `I` ድረስ ይሰለፋሉ። አንድ ቡድን ያስቆጠረውን ግብ የሚሰበስበው ቀመር ይህ ነው፤ በሜዳው ያገባውንና በእንግድነት ያገባውን ፈልጎ ይደምራል፦

```
=SUMIF(Matches!A:A,A2,Matches!B:B)+SUMIF(Matches!D:D,A2,Matches!C:C)
```

የተቆጠረበትን ለማግኘት `B` እና `C` ቦታ ይለዋወጣሉ። አራቱን ቡድኖች በነጥብ፣ ቀጥሎ በክፍያ፣ ቀጥሎ ባስቆጠሩት የሚደረድረው ደግሞ ይህ ነው፦

```
=SORT(A2:I5,9,FALSE,8,FALSE,6,FALSE)
```

ቁጥሮቹ የዓምዶቹ ተራ ናቸው፤ 9ኛው ነጥብ፣ 8ኛው ክፍያ፣ 6ኛው ያስቆጠሩት። `FALSE` ከትልቅ ወደ ትንሽ ማለት ነው። ደንቡን ማስተካከል የእነዚህን ቁጥሮች ቅደም ተከተል መለወጥ ብቻ ነው።

የእርስ በርስ ውጤት ግን በዚህ ቀመር ውስጥ ሊገባ አይችልም። የግብ ክፍያ በቡድኑ ረድፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የእርስ በርስ ውጤት ግን በሰንጠረዡ ላይ የትም የለም፤ ያለው የጨዋታዎቹ ዝርዝር ውስጥ ነው። የኔልስፕሩይቱ ጭፈራ የመጣው ከዚህ ነው፤ ጋዜጣ ላይ የታተመ ሰንጠረዥ ብቻ የያዘ ሰው ማን እንዳለፈ ማወቅ አይችልም። ደስ የሚለው ግን አዲስ ስሌት አያስፈልገውም። እኩል የሆኑት ቡድኖች እርስ በርስ የተጫወቷቸውን መስመሮች ብቻ ወደ ሌላ ገጽ መቅዳት፣ ያንኑ ቀመር እዚያ ላይ ማዞር ነው። ትንሿ ሊግ ከትልቋ የምትለየው በመስመሮቹ ቁጥር ብቻ ነው።

ሁለት ስህተቶች ግን በተደጋጋሚ ይገጥማሉ። አንደኛው ያልተደረገ ጨዋታ ነው። መርሐ ግብሩ ቀድሞ ከተጻፈና የግቡ ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ቀመሩ ባዶውን ከባዶው ጋር አወዳድሮ እኩል ናቸው ይላል፤ ለሁለቱም ቡድን አቻ ይመዘግባል፣ አንድ አንድ ነጥብም ይሰጣል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ገና ሦስት ጨዋታ ያደረገ ቡድን ስድስት ተጫውቷል ብሎ ይታያል። መፍትሔው ቀመሩ ግብ የተጻፈባቸውን መስመሮች ብቻ እንዲቆጥር ማዘዝ ነው።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው፤ በእኛ ፊደል ደግሞ ይበልጥ ይከፋል። አንድ ቦታ ሐዋሳ፣ ሌላ ቦታ ሀዋሳ ተብሎ ከተጻፈ አንባቢ ልዩነቱን አያስተውለውም፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ናቸው ይላል። በእኛ ምድብም አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ ሌላው ደቡብ አፍሪቃ ብሎ ቢጽፍ ያ ጨዋታ ከደቡብ አፍሪካ ረድፍ ላይ በጸጥታ ይጠፋል። ከስሙ በኋላ የቀረች አንዲት ባዶ ቦታም ይህንኑ ታደርጋለች። ስለዚህ ስሞቹን በየመስመሩ መጻፍ ሳይሆን ከተዘጋጀ ዝርዝር ላይ እየመረጡ ማስገባት ይሻላል።

ስህተቱ መኖሩን ለማወቅ የሰንጠረዡን ዓምዶች ወደ ታች መደመር ይበቃል። የገባ ግብ ሁሉ በሌላው ላይ የተቆጠረ ስለሆነ ያስቆጠሩት ድምር ከተቆጠረባቸው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ በኢትዮጵያ ምድብ ሁለቱም 33 ናቸው። ድል ከሽንፈት ጋር እኩል ነው፤ 10 እና 10። አቻ ሁለት ሰው ስለሚጋራው ድምሩ ሁልጊዜ ጥንድ ይሆናል፤ እዚህ 4፣ ማለትም ሁለት ጨዋታ። 10 ድል በ3፣ ሁለት አቻ በ2 ሲባዛ 34 ነጥብ ይሆናል፤ 13፣ 11፣ 7 እና 3 ሲደመሩም 34 ናቸው። እነዚህ ፍተሻዎች አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሸፍናሉ። ስሙ የተሳሳተው ጨዋታ 1 ለ 1 ያለቀ ከሆነ የግቡ ድምር ምንም አይጎድልበትም፤ ያን ጊዜ ግን የአቻ ድምር ጎዶሎ ይሆናል። ሁሉንም የሚያልፈው ስህተት 2 ለ 1 የነበረውን 1 ለ 2 ብሎ መጻፍ ነው። እሱን የሚይዘው ከዳኛው ሪፖርት ጋር መስመር በመስመር ማመሳከር ብቻ ነው።

የቀረው ደንቡን መጻፍ ነው፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይጀመር። ነጥብ እኩል ሲሆን ምን ይቀድማል፣ ፎርፌ በስንት ግብ ይመዘገባል፣ ከውድድሩ በመሃል የወጣ ቡድን ውጤቶች ይሰረዛሉ ወይስ ይቆያሉ፣ ሁሉም ነገር እኩል ሲሆን መጨረሻው ምንድን ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ሩቅ ይመስላል፤ ሴኔጋል ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ላይ ደርሶባታል። ከጃፓን ጋር እኩል 4 ነጥብ፣ ሁለቱም 4 አስቆጥረው 4 ተቆጥሮባቸው፣ እርስ በርስም 2 ለ 2 ወጥተው ነበር። ነጥብ፣ ክፍያ፣ ያስቆጠሩት፣ የእርስ በርስ ውጤት ሁሉ አልለያቸውም። ከዕጣ በፊት የቀረው መስፈርት የካርድ ብዛት ነበር፤ ጃፓን 4 ቢጫ፣ ሴኔጋል 6። ጃፓን አለፈች። ስለዚህ በደንቡ ውስጥ ካርድ የሚለው ቃል ካለ የጨዋታዎቹ ዝርዝር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለካርድ ሁለት ተጨማሪ ዓምዶች ያስፈልጉታል፣ አንድ ለባለ ሜዳው፣ አንድ ለእንግዳው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ማን ስንት ቢጫ እንዳየ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።